ፍሪሲዮኑ መያዝ አቆመ፣ ዝናቡም ዶፍ ነው፤ የተማሪዋን ሰዓት እንዴት ልመዝግብ?

ጠያቂው
ወገኖች ቶሎ መልሱልኝ፣ ተማሪዋ አጠገቤ ናት። የ2 ሰዓት ልምምድ ነበረን። 8፡00 ጀምረን 8፡25 ላይ ዳገት ስንወጣ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይጎትትም። የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ዶፉም መንገዱን ሞልቶታል። ቢሮ ስደውል «መጥታ የለ? ሙሉውን አስፈርማት» አሉኝ። ምን ላድርግ?

የድሮ መካኒክ
መጀመሪያ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አቁም። የእጅ ፍሬን ያዝና 4ኛ ማርሽ አስገብተህ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልክ ልቀቅ። ሞተሩ ካልጠፋ እየተንሸራተተ ነው። አንዴ ብቻ ሞክረው፣ ደጋግመህ አታቃጥለው።

ሰብለ
እኔንም እንዲሁ አስፈርመውኝ ፈተና ስደርስ ኋላ ማርሽ እንኳን በደንብ አልለመድኩም ነበር። እባክህ እንዳታስፈርማት!

ቆራጡ
በዝናብ ልምምድ የሚሰረዘው ለምንድን ነው? መንጃ ፈቃዱን ስታወጣ በበጋ ብቻ ልትነዳ ነው? መብራት አብርታ፣ ርቀት ጠብቃ ትልመድ።

አሰልጣኝ በክረምት
ካፊያ ሲሆን እውነትህን ነው፣ እኔም አልሰርዝም። ነገር ግን መጥረጊያው በሙሉ ፍጥነት እየሠራ የፊት መኪና ካልታየ፣ ወይም ጎርፉ የአስፋልቱን ጉድጓድ ከሸፈነው፣ ጀማሪ ይዞ መውጣት አይገባም። እዚህ ላይ ግን ዋናው ምክንያት መኪናው ነው።

ወንድሜ፣ ቅጹ ላይ የተነዳውን ብቻ ጻፍ፦ «8፡00–8፡25፣ በፍሪሲዮን ብልሽት ተቋረጠ፣ ቀሪ 1 ሰዓት ከ35 ደቂቃ»። ሁለታችሁም ፈርሙ፣ እሷም በስልኳ ፎቶ ታንሳው። ሙሉ ሰዓት ከተፈረመ በኋላ ለተማሪዋ መከራከሪያ አይቀርላትም። ተተኪውን ቀን እዚያው ቆርጣችሁ ጻፉ፣ ከፈተና ቀጠሮዋ በፊት ይሁን። አዲስ አበባ ክረምት ላይ ዝናቡ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ያዙላት።

ቆራጡ
25ቱ ደቂቃስ ለምን ይቆጠርባት? ግማሹን በተበላሸ መኪና ነው የነዳችው።

አሰልጣኝ በክረምት
እኔ የምቆጥረው በደንብ የተነዳውን ነው። ዳገቱ ላይ የታገለችበትን ግን ባይቆጠርባት ደስ ይለኛል። ይህን ከተቋሙ ጋር መነጋገር ነው።

አቤል
ቀሪውን ሰዓት ቢሮ ገብታችሁ የመንገድ ምልክት አስተምራት፣ ሰዓቱም አይባክንም።

ሰብለ
አቤል፣ እሷ የከፈለችው መሪ ለመያዝ ነው። ምልክት ብትማር መልካም፣ ከተግባር ሰዓቷ ላይ ግን አይቀነስም።

የድሮ መካኒክ
ሰውዬው ሞከርከው? ፔዳሉ ነፃ ጨዋታ ከሌለው ማስተካከል ብቻ ሊበቃው ይችላል። ዲስኩ ካለቀ ግን ለዛሬ አይደርስም።

ጠያቂው
ሞከርኩት፣ አልጠፋም። ለብቻዬ እየተንፏቀቅኩ ወደ ጋራዥ ልሂድ እያልኩ ነው። ቢሮ አሁን ደውለው የሥራ አስኪያጁን የግል መኪና ላክንልህ፣ በሱ ጨርስ አሉኝ።

አሰልጣኝ በክረምት
የግል መኪናው በአንተ በኩል ፍሬን አለው? ከሌለው ተማሪዋን መሪ እንዳታስይዛት። አንተም ዳገት ባለበት መንገድ በዚያ ፍሪሲዮን አትሂድ፣ በጎታች ይወሰድ።

ሰብለ
ምን ሆናችሁ? ተማሪዋስ ፈረመች?