«አዲስ» እና «ምርጥ» ሰለቹን፤ ለጫማ ሱቅ ወረቀት ምን ይተካቸው?

ጠያቂዋ፦ እህቴ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጫማ ሱቅ አላት። በእጅ የሚታደል ወረቀት ልታሳትም ነው፤ ረቂቁ «አዲስና ምርጥ የተማሪ ጫማዎች» ይላል። አምናም ይህንኑ ጽፋ፣ የገባው ሁሉ «ልባሽ አይደለም አይደል?» እያለ አናደዳት። አጭርና ቆፍጠን ያለ ቃል ስጡኝ።

የሐይቁ ልጅ፦ «ትኩስ» በሉት! እኔ አሳ ቤቴ በር ላይ «ትኩስ አሳ» ብዬ ለጥፌያለሁ። ግማሹ አሁን ከሐይቅ የወጣ ጥሬ አሳ ሊገዛ ይመጣል፣ ግማሹ ከመጥበሻ የወጣውን ሊበላ። እኔ ምን ቸገረኝ።

ባለመዝገቡ፦ ላንተ ያዋጣል። «ትኩስ ጫማ» ግን እግር የሚያቃጥል ይመስላል። «እሸት» የእህል፣ «ለጋ» የቅቤና የቡቃያ ነው፤ ጫማ ላይ አይቀመጡም። የእህትሽ ችግር ሌላ ነው። «አዲስ» ያልተለበሰም፣ አሁን የመጣም ማለት ነው። እሷ ሁለተኛውን ስትል ደንበኛው የመጀመሪያውን ሰማ፤ «አዲስ ነው» ብሎ መማል ምን አስፈለገ ብሎም ጠረጠረ። ስለዚህ ቅጽሉን ተዪና በግሥ ተናገሪ፦ «የተማሪ ጫማ ገባ!» ነጋዴም ደንበኛም «ዕቃ ገባ» ነው የሚለው።

ጀማሪ ገጣሚ፦ «ገባ» ግሩም። ለ«ምርጥ» ደግሞ «ቀንደኛ»! ከቀንድ የመጣ፣ ኃይለኛ ቃል።

ባለመዝገቡ፦ አመጣጡን አልሳትክም፤ ግን «ቀንደኛ» ሲባል ጆሮ የሚጠብቀው ሌባ ወይም ተቃዋሚ ነው። ጫማው የሚፈለግ ወንጀለኛ ይሆናል።

እትዬ፦ በእኛ ጊዜ «ማለፊያ ጫማ» ይባል ነበር። ምን ጎደለው?

ጠያቂዋ፦ እትዬ፣ የዛሬ ተማሪ «ማለፊያ» ሲባል የፈተና ነጥብ ነው የሚታየው። ጫማው ለጥቂት ያለፈ ይመስላል።

እትዬ፦ ወይ ጉድ! እሺ፣ ወረቀቱ ባለ ቀለም ነው? ለልጄ ሠርግ ጥሪም ማተሚያ ቤት እየፈለግሁ ነበር።

ባለመዝገቡ፦ «ምርጥ» ራሱ አልበላሸም፤ «መረጠ» ውስጡ አለ፣ መራጩ ነው የጠፋው። መራጩን መልሱለት፦ «እናቶች የመረጡት»። ያ የሚያምረው ግን በእርግጥ ደጋግመው የሚገዙት ጫማ ካለ ብቻ ነው። «ልዩ»ን አልመክርም፤ የተለየ ይላል እንጂ የበለጠ አይልም። «ወደር የለሽ» ደግሞ ለትንሽ ወረቀት ይረዝማል፣ የሙገሳ ንግግርም ይሸታል።

ጀማሪ ገጣሚ፦ «ማኛ»ስ? «ማኛ ጫማ!»

ባለመዝገቡ፦ እሱ ያከራክራል። ነጭ ጤፍ ላይ ነው የለመድነው፤ ወደ ሌላ ዕቃ ቢሻገር እኔ ደስ ይለኛል፣ አንባቢው ግን ፈገግ ይበል ግር ይበለው አላውቅም።

ጠያቂዋ፦ ለእህቴ አነበብኩላት። በትልቁ «የተማሪ ጫማ ገባ!»፣ ከሥሩ በትንሹ «ከነካርቶኑ» ሊባል ነው፤ የልባሹ ጥያቄ በዚያው ያልቃል ብላለች። «እናቶች የመረጡት» የሚለውን የትኛው ጫማ ላይ እንደምታደርገው የሽያጭ ደብተሯን ልታይ ነው። «ማኛ»ን ግን «እኔ ጤፍ አልሸጥም» ብላ ሰረዘችው።

ጀማሪ ገጣሚ፦ እኔ አሁንም አልተረታሁም።