በሠርግ መክፈቻ ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፦ ሁሉን ሁለት ጊዜ ሳይሉ

ጠያቂ፦ ሜሪላንድ ውስጥ የእህቴን ሠርግ መድረክ የምመራው እኔ ነኝ። ግማሹ እንግዳ የእኛ ሰው ነው፤ የሙሽራው ወገን አማርኛ አይሰማም። ሁሉንም በሁለቱም ቋንቋ ብናገር አምስት ደቂቃው አሥር ይሆናል። ምኑን ልቁረጥ?

ቴክኒክ ሠራተኛ፦ በአማርኛ ብቻ ተናገር፤ እንግሊዝኛው ግድግዳው ላይ ይታይ። ቀላል ነው።

የመድረክ መሪ፦ አስቀድሞ ለተጻፈ ንግግር ይሠራል። ሙሽሮቹ በሩ ላይ ቆመው እንግዳው ጽሑፍ ቢያነብ ግን መግቢያው ይባክናል። ወንድሜ፣ አንዱን ነገር ለማያውቀው ወገን ብቻ ንገር። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ በአማርኛ ስማቸውን ጥራ፤ የእኛ ሰው ሽማግሌ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። በእንግሊዝኛ ደግሞ ልጅቷን ከወላጆቿ የጠየቁት እነዚህ ሰዎች መሆናቸውን ተናገር፤ ስማቸውን አትድገም። የሙሽራው አያት ሲነሱ ተገላቢጦሽ ነው፦ በእንግሊዝኛ ስማቸው ይበቃል፤ ማን እንደሆኑና ከየት እንደመጡ በአማርኛ ይነገር።

በሁለቱም መባል ያለበት ሰላምታውና እንግዳው የሚያደርገው ነገር ነው፤ ተነሡ፣ ተቀመጡ፣ እራት ቀርቧል። እነዚህን አከታትለህ በአጭሩ በል፤ ያለዚያ ግማሹ ቆሞ ግማሹ ጎረቤቱን ያያል። በአንዱ ቋንቋ ግማሽ ደቂቃ ያህል ከቆየህ ሰው ለጎን ወዳጁ መተርጎም ይጀምራል፤ ሹክሹክታው ሲሰማህ ዐረፍተ ነገሩን ጨርሰህ ተሻገር። መሐል ላይ አትቁረጠው።

ስም ላይም ተጠንቀቅ። እኛ «አቶ»ን ከራሱ ስም ጋር እንላለን፤ እንግሊዝኛው «ሚስተር»ን ከመጨረሻው ስም ጋር ያስኬዳል። አባትህ በአንዱ በራሳቸው ስም፣ በሌላው በአያትህ ስም ከተጠሩ እንግዳው ሁለት ሰው ይመስለዋል። በሁለቱም ቋንቋ ሙሉ ስማቸውን ተጠቀም።

እናት ከፍራንክፈርት፦ የልጄ ሠርግ ላይ ምርቃቱን ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር አስተረጎምን። «አሜን» ሁልጊዜ ዘግይቶ መጣ፤ አባታችንም ሐሳባቸው ተበታተነባቸው። ታዲያ ምን ይደረግ ነበር?

የመድረክ መሪ፦ እናቴ፣ ምርቃት አይቆራረጥም። ከመጀመሩ በፊት በእንግሊዝኛ፣ «አሁን አባት ለሙሽሮቹ ጤና፣ ልጆችና ረጅም ዕድሜ ይመኛሉ፤ ባረፉ ቁጥር ሁላችንም አሜን እንላለን» ይባላል። ከዚያ ምርቃቱ በአማርኛ ሳይቋረጥ ያልቃል። ቃሏን የውጭ እንግዶቹም ያውቋታል።

ጠያቂ፦ መጀመሪያ የምናገረውስ በየትኛው ቋንቋ?

እናት ከፍራንክፈርት፦ በአማርኛ፤ ለአባቶች ክብር።

የመድረክ መሪ፦ እኔ በእንግሊዝኛ እጀምራለሁ። የማይሰማው ወገን በመጀመሪያው ደቂቃ ከተተወ በኋላ ማስመለሱ ይከብዳል።

እናት ከፍራንክፈርት፦ አልስማማም። ቀድመው የመጡት ሽማግሌዎች ናቸው፤ በቋንቋቸው ሳይቀበሏቸው መድረኩ አይከፈትም።

ጠያቂ፦ እህቴንና ሙሽራውን ጠይቄ እወስናለሁ። የስሞቹን ዝርዝር ዛሬ ማታ አስተካክላለሁ።