«ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ክምችት ይሰርጋል» ሲል የምኑን ክምችት ነው?

ጠያቂዋ
ሰላም ቤተሰብ። ታናሽ ወንድሜን የላብራቶሪ ሪፖርት እያስጠናሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተጣብቀን ቀረን። መመሪያው መጀመሪያ «በዲፊዩዥን ቅንጣቶች ከከፍተኛ ክምችት ወደ ዝቅተኛ ክምችት ይሄዳሉ» ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ «በኦስሞሲስ ውሃ ከዝቅተኛ ክምችት ወደ ከፍተኛ ክምችት ይሰርጋል» ይላል። ኦስሞሲስ ራሱ የዲፊዩዥን ዓይነት ነው እየተባለ እንዴት አቅጣጫው ይገለበጣል? «ይሰርጋል» የሚለውስ እዚህ ምን ማለት ነው? ውጤቱ ላይ ደግሞ «−6.0%» ተጽፏል። ንጹህ ውሃና የስኳር ውሃ ውስጥ የዘፈዘፉትን የድንች ቁራጭ ነው የመዘኑት፣ ከዜሮ በታች የሚመዝን ድንች አለ እንዴ?

ወልደ ሰዋስው
ቀላል ነው። ሰረገ ማለት ጠልቆ ገባ ማለት ነው። ዝናቡ መሬት ውስጥ ሰረገ እንል የለ? ግን ጸሐፊው ቢጠነቀቅ ኖሮ «ይሠርጻል» ይል ነበር። ለሳይንስ የሚመጥነው ስርጸት ነው።

ቀለም ቀንድ
ኧረ ተው ወልደ ሰዋስው! ጸሎተ ሃይማኖት ላይ «ዘሠረጸ እምአብ» ሲባል እኮ የወጣ ማለት ነው። ቡቃያም ሲሠርጽ ይወጣል እንጂ አይገባም። ውሃ ወደ ድንች ሲገባ «ሠረጸ» ካልክ አቅጣጫውን ገለበጥከው።

ወልደ ሰዋስው
ስኳር ውስጥ የተዘፈዘፈ ድንችስ? ውሃው ከድንቹ ነው የሚወጣው። ሠረጸ! አሁን ማን ገለበጠ?

ሚዛን
ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ይዛችኋል፤ እህታችን ግን መልስ አላገኘችም። ላብራቶሪ ውስጥ ስለምሠራ ይህን ድንች ከነጠባዩ አውቀዋለሁ።

ችግሩ ግሱ ላይ አይደለም፤ «ክምችት» ላይ ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሚሄደውን ነገር ክምችት ይቆጥራል። ቀለም ውሃ ላይ ጠብ ስታደርጊ ቀለሙ ከበዛበት ወዳነሰበት ይሰራጫል። ሁለተኛው ግን የሚሄደው ውሃ ሆኖ ሳለ የሚቆጥረው የስኳሩን ክምችት ነው። ውሃውን ቆጥሪ፣ አቅጣጫው ይቃናል፦ የቀጠነው ውህድ ውስጥ ውሃው ይበዛል፣ የወፈረው ውስጥ ያንሳል። ስለዚህ ውሃም እንደ ቀለሙ ከበዛበት ወዳነሰበት ነው የሄደው።

ስኳሩ ለምን በተቃራኒው አይሄድም ብትይ፣ የድንቹ ሴሎች ስስ ሽፋን አላቸው። ውሃ ያሳልፋል፣ የስኳሩን ሞለኪውል ግን ያግዳል። ድንቹን ቀቅለሽ ብትሞክሪው ሽፋኑ ስለተበላሸ ሁሉም እንደፈለገ ይገባል ይወጣል፣ ሙከራውም ከንቱ ይሆናል። በይ የሰንጠረዡን ቁጥሮች ላኪልን።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ! ንጹህ ውሃ ውስጥ የነበረው ከ2.40 ግራም ወደ 2.64 ሄደ። 0.2 ሞላር ስኳር ውስጥ ከ2.50 ወደ 2.55። 0.4 ሞላር ውስጥ ከ2.35 ወደ 2.21። 0.6 ሞላር ውስጥ ከ2.45 ወደ 2.18። ሌሊቱን አሳድረውት ነው የመዘኑት።

ሒሳብ በልቼ
እኔ ልርዳ። በመቶኛ የሚሰላው ድንቾቹ ሲጀመር እኩል ስላልነበሩ ነው። 0.14 ግራም ከትልቅ ድንች ቢቀንስ ቀላል ነው፣ ከትንሽ ቢቀንስ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ልዩነቱን አሁን ላለው ክብደት አካፍዪ፦ 0.14 ለ2.21፣ ሲባዛ በ100፣ 6.3% ይሆናል። መመሪያው 6.0 ያለው አጠጋግቶ መሰለኝ።

ሚዛን
በመቶኛ የሚሰላበት ምክንያት ልክ ነው፤ አካፋዩ ግን ልክ አይደለም። የምንጠይቀው «ከነበረው ውስጥ ስንት እጅ ተለወጠ?» ብለን ነው። ስለዚህ የሚካፈለው ለመነሻው ነው፦

```
(መጨረሻ − መነሻ) ÷ መነሻ × 100
(2.21 − 2.35) ÷ 2.35 × 100 = −6.0%
```

ሁልጊዜ ከመጨረሻው ላይ መነሻውን ቀንሱ። ያኔ ምልክቱ ራሱ ይናገራል፦ መደመር ከሆነ ውሃ ገብቷል፣ መቀነስ ከሆነ ወጥቷል። ከዜሮ በታች የሆነው ለውጡ እንጂ ድንቹ አይደለም። በዚሁ ስሌት ንጹህ ውሃው +10.0፣ 0.2 ሞላሩ +2.0፣ 0.6 ሞላሩ −11.0 ይመጣል።

ክብደት ቅነሳ
በአንድ ሌሊት 11 ከመቶ ቀነሰ?! ስኳር ውስጥ በማደር ብቻ? እባካችሁ ለሰው የሚሆነውን መጠን ንገሩኝ 😂

ቀለም ቀንድ
አንተ ደግሞ ርእሱን ሳታነብ ነው እንዴ የምትገባው?

ያልቀናው
የእኛ ቡድን ድንች ግን 0.4 ሞላር ውስጥም ጨመረ። መምህሩ ሳይቀሩ ግራ ገባቸው። ኦስሞሲስ ለእኛ አይሠራም?

ሚዛን
ያልቀናው፣ አወጣጣችሁን ንገረኝ። ከውህዱ አውጥታችሁ በቀጥታ ሚዛን ላይ ጣላችሁት?

ያልቀናው
አዎ፣ እየተንጠባጠበ። መጀመሪያ ላይ ግን በወረቀት አድርቀነው ነበር።

ሚዛን
ተገኘች! ላዩ ላይ የቀረውን ጠብታም አብራችሁ መዘናችሁ። 2 ግራም ለሚያክል ድንች 0.2 ግራም ጠብታ ማለት 10 ከመቶ ነው፤ ለውጡን በሙሉ ሊሸፍን ይችላል። መጀመሪያም መጨረሻም እኩል ማድረቅ ነው፤ ጠበቅ አድርጎ መጭመቅም አይፈቀድም፣ ውስጡ ያለውን ያወጣል። ልጣጭም ቀርቶበት ከሆነ ውሃው በዚያ በኩል እንደልብ አያልፍም። ደግሞ ለአንዱ ውህድ አንድ ድንች ብቻ አትመኑ። ሦስት አድርጉና አማካዩን ውሰዱ፤ አንዱ ካፈነገጠ ያኔ ይታያችኋል።

ጠያቂዋ
ወንድሜ ግራፍም ሠርቷል። መስመሩ ዜሮን 0.25 ሞላር አካባቢ ያቋርጣል። «ድንቹ 0.25 ሞላር ስኳር አለው» ብሎ ጻፈ። ይሁን?

ሚዛን
ከ+2.0 ወደ −6.0 በቀጥታ ሲሰመር 0.25 ልክ ነው። አባባሉ ግን ይታረም። ሴሉ ውስጥ ጨውም አለ፣ ሌላም ብዙ የሟሟ ነገር አለ። ሴሉ በውስጡ በያዘው ነገር ሁሉ ውሃን የሚስበውን ያህል የሚስብ የስኳር ውህድ 0.25 ሞላር ገደማ ነው ማለት ነው። ድንቹ ውስጥ ያን ያህል ስኳር አለ ማለት አይደለም።

ሒሳብ በልቼ
እዚያ ነጥብ ላይ ታዲያ ውሃው ቆመ አይደል?

ሚዛን
አልቆመም። የገባው ከወጣው እኩል ሆነ እንጂ። ሚዛን የሚያየው ልዩነቱን ብቻ ነው።

ቀለም ቀንድ
ይኸው! ሁለቱም ወገን እኩል ከገባና ከወጣ «ሰረገ»ም «ሠረጸ»ም ልክ አይደለም። «ተላለፈ» በሉት።

ወልደ ሰዋስው
ተላለፈማ የአውቶቡስ ነው። ይልቅ ንጹህ ውሃ ውስጥ ያለው ድንች ለምን ሲያብጥ ሲያብጥ አይፈነዳም? ይህ ነው ጥያቄው።

ሚዛን
ከሽፋኑ ውጭ ጠንካራ ግድግዳ አለ። ሴሉ ሲሞላ ግድግዳው መልሶ ይገፋዋል፣ ውሃውም መግባቱን ይቀንሳል። ከንጹህ ውሃ የወጣውን ድንች በጣትህ ብታጎብጠው ቀጥ ብሎ ይሟገትሃል፤ ከ0.6 ሞላሩ የወጣው ግን ይለመጣል።

ጠያቂዋ
ገባኝ፣ ተባረኩ። ሪፖርቱ ላይ ግን የትኛውን ግስ ይጻፍ?

ወልደ ሰዋስው
ይሠርጻል።

ቀለም ቀንድ
ይሰርጋል። በእሳቱ «ሰ»።

ወልደ ሰዋስው
በንጉሡ «ሠ» ነው!

ቀለም ቀንድ
ማስረጃ?