የዕቅድ ውይይት፦ በአንድ ጥያቄ ቋሚ ወይስ ሚዛናዊ?

ሰላማዊት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለተማሪዎች የምናዘጋጀው የሁለት ሰዓት የኳንተም ፕሮግራም ሐሳብ እስከ ሐሙስ ለቦርዱ መግባት አለበት። ርዕሱ አልቋል፤ የዶይች አልጎሪዝም ነው። የቀረን በሁለት ሰዓት ምን እንደምናሳይና ምን ብለን ቃል እንደምንገባ ነው። ብሩክ መነሻ ጽፏል፤ ለጥፍልን።

ብሩክ፦ ይኸው። «ለተሳታፊዎች አንድ የተደበቀ ፋንክሽን ይሰጣቸዋል። 0 ወይም 1 ይቀበላል፣ 0 ወይም 1 ይመልሳል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ከሰጠ ቋሚ፣ የተለያየ ከሰጠ ሚዛናዊ እንለዋለን። በተራ ኮምፒውተር ይህን ለመለየት ሁለት ጊዜ መጠየቅ ግድ ነው። ኳንተም ኮምፒውተር ግን f(0)ንም f(1)ንም ባንዴ አስልቶ ሁለቱንም መልሶች በአንድ ጥያቄ ይሰጠናል።»

ጋሽ ታደሰ፦ ጥሩ ጀምረሃል ብሩክ፤ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ግን ትውጣ። ሁለቱንም መልሶች አይሰጥም። የሚሰጠው አንድ ቢት ነው፦ «ይመሳሰላሉ» ወይም «ይለያያሉ»። ሁሉን ጨርሰህም f(0) ስንት እንደሆነ አታውቅም።

ብሩክ፦ ጋሼ፣ ሁለቱም ግብዓቶች አብረው ይገቡ የለ እንዴ?

ጋሽ ታደሰ፦ ይገባሉ፤ እሱ ላይ ልክ ነህ። ግን እዚያው ላይ ብትለካ ከሁለቱ አንዱ በዕድል ይወጣልሃል። ሳንቲም ወርውረህ አንዱን ብትጠይቅም ያው ነበር። ጥቅሙ የሚመጣው ከመለካትህ በፊት ሁለቱ መንገዶች እርስ በርስ ሲደማመሩ ወይም ሲጣፉ ነው። ሄለን ሰርኪዩቱን ታውቀዋለች፣ እሷ ታሳይህ።

ሄለን፦ እሺ፣ f(x)=x የሆነችውን ልውሰድ። እኔ ብሆን በነጭ ሰሌዳ ላይ የማስተምረው እሷን ብቻ ነው።

```python
from qiskit import QuantumCircuit
qc = QuantumCircuit(2, 1)
qc.x(1)
qc.h([0, 1])
qc.cx(0, 1)
qc.h(0)
qc.measure(0, 0)
```

የመጀመሪያው ኪውቢት ግብዓቱን ይይዛል፤ ሁለተኛው መልሱ የሚጻፍበት ነው። ሳጥኑ፣ ማለትም የተደበቀው ፋንክሽን፣ `cx` ያለባት መስመር ብቻ ናት። ከእሷ በፊት መጀመሪያው 0 + 1 ሆኗል፣ 0ንም 1ንም አንድ ላይ ይዟል ማለት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ 0 − 1፣ ያው ሆኖ 1 ላይ የመቀነስ ምልክት አለበት። ማካፈያ ቁጥሮቹን ትቻቸዋለሁ። አሁን ግብዓቱ 0 ከሆነ ሁለተኛው አይነካም። ግብዓቱ 1 ከሆነ ሁለተኛው ይገለበጣል፤ 0 − 1 የነበረው 1 − 0 ይሆናል። አዲስ ነገር አይደለም፣ ያው ራሱ ነው፤ ምልክቱ ብቻ ተቀየረ። ያ የመቀነስ ምልክት ደግሞ ከግብዓቱ 1 ጋር ተያይዞ ይቀራል። ስለዚህ ሁለተኛው ኪውቢት እንደነበረ ሆኖ፣ የመጀመሪያው ከ0 + 1 ወደ 0 − 1 ተቀየረ። የመጨረሻዋ H 0 + 1ን ወደ 0፣ 0 − 1ን ወደ 1 ትመልሳለች። ስንለካ 1 ይወጣል፤ ሚዛናዊ ነው ማለት ነው።

ሁልጊዜ 1 ለምትመልሰው ፋንክሽን ደግሞ `cx` ወጥታ `qc.x(1)` ትገባለች። ያኔ ለሁለቱም ግብዓቶች ምልክቱ ስለሚቀየር −0 − 1 ይሆናል። ሁለቱም ላይ ያለ ምልክት በመለኪያ አይታይም። ስለዚህ 0 ይወጣል፤ ልክ ሁልጊዜ 0 እንደምትመልሰው። ጋሽ ታደሰ f(0)ን አታውቅም ያሉህ ለዚህ ነው።

ብሩክ፦ እኔ እኮ በ`cx` የመጀመሪያው ኪውቢት ፈጽሞ አይነካም ብዬ ነበር የማስበው። አሁን ገባኝ። ዓረፍተ ነገሯን አወጣኋት።

ዮናታን፦ ይቅርታ፣ ትንሽ ዘግይቼ ነው የገባሁት። እኔ የክፍያ ሶፍትዌር እሞክራለሁ። አንዳንዴ ሁሌም «እሺ» የሚል ቼክ ያጋጥመኛል፣ አንድ ቦታ ላይ ግን «አይ» ማለት ነበረበት። ይሄን በዚህ መንገድ ማግኘት ይቻላል? ከተቻለ እንደ ምሳሌ ይግባ፣ ቦርዱ ይወደዋል።

ሄለን፦ አይሆንም ዮኒ። አንደኛ፣ ቼክህ ራሱ ኳንተም ሰርኪዩት ሆኖ መሠራት አለበት። ኮዱ እጅህ ላይ ካለ ደግሞ ከፍተህ ማንበብ ትችላለህ፤ የጥያቄ ቆጠራው ትርጉም የሚኖረው ሳጥኑ እስከተዘጋ ብቻ ነው። ሁለተኛው ይብሳል። ብዙ ቢት ያለው ቅጂ «ፋንክሽኑ ወይ ቋሚ ነው፣ ወይ በትክክል ግማሽ በግማሽ ነው» የሚል ቃል ይፈልጋል። ከ1024 ግብዓቶች አንዷ ብቻ ብትለይ ከ99 በመቶ በላይ በሆነ ዕድል «ቋሚ» የሚል መልስ ታገኛለህ። የምትፈልጋት ስህተት ያመልጥሃል ማለት ነው።

በአንድ ቢት ግን ይህ ችግር የለም። ያሉት አራት ፋንክሽኖች ናቸው፤ ሁለቱ ቋሚ፣ ሁለቱ ሚዛናዊ። ከዚህ የሚተርፍ የለም። በአንድ ቢት እንቆይ የምለውም ለዚህ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ሁለት ጥያቄን ወደ አንድ ማውረድ ማንን ያስደንቃል? ተማሪው «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ነው የሚለው። 10 ቢት እናሳየው። በተራው መንገድ እርግጠኛ ለመሆን እስከ 513 ጥያቄ ሊያስፈልግ ይችላል፤ በኳንተም አንድ ይበቃል።

ሄለን፦ ቁጥሩ ልክ ነው ጋሼ፣ ግን «እርግጠኛ» የምትለዋ ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው። አንድ ብልጥ ተማሪ 20 ግብዓት በዘፈቀደ መርጦ ይጠይቃል። ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ከሰጡ «ቋሚ» ይላል። ፋንክሽኑ ሚዛናዊ ሆኖ እንደዚህ የመታለል ዕድሉ ከ500,000 አንድ እንኳን አይሞላም። ያኔ 513 የሚለው ማስታወቂያችን ከየት ይደርሳል?

ጋሽ ታደሰ፦ እሱንም እንንገራቸዋ! መደበቅ አላልኩም። ታሪኩም ቢሆን እንደዚያው ቀስ በቀስ የመጣ ነው። ዶይች እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረበው ቅጂ መልስ የሚሰጠው በግማሽ ዕድል ብቻ ነበር። በ1992 ከጆዛ ጋር ወደ ብዙ ቢት አስፋው፤ መልሱ እርግጠኛ ሆነ፣ ግን ሁለት ጥያቄ ይፈልግ ነበር። አሁን ሄለን የጻፈችው ባለ አንድ ጥያቄ መልክ በ1998 ክሊቭ፣ ኤከርት፣ ማኪያቬሎና ሞስካ ያሳተሙት ነው።

ሰላማዊት፦ የ10 ቢቱን ነገር ለጊዜው ክፍት እንተወው። የሚሠራ ሰው ግን ምን ላይ ይሳሳታል? ተማሪዎቹ ኮድ ሲነኩ ዝም ብለን እንዳናይ።

ሄለን፦ ዋናው ስህተት የመጀመሪያዋን `qc.x(1)` መርሳት ነው። ያኔ ሁለተኛው ኪውቢት 0 + 1 ይሆናል። ቢገለበጥም ምልክት አይቀየርም፤ ስለዚህ ወደ መጀመሪያው የሚተላለፍ ነገር የለም። አራቱም ሳጥኖች 0 ይሰጣሉ። ተንኮሉ ደግሞ ለቋሚዎቹ መልሱ ልክ መሆኑ ነው፤ ቋሚ ብቻ የሞከረ ሰው ሠራልኝ ብሎ ይሄዳል። የመጨረሻዋን H የረሳ ግን ወዲያው ይታወቅበታል፣ ለሁሉም ግማሽ 0 ግማሽ 1 ይወጣለታል። እኔ የምለው፣ የተበላሹትን ሁለት ሰርኪዩቶች አውቀን እንስጣቸው፤ የጎደለውን ከውጤቱ ተነስተው ይፈልጉ።

ዮናታን፦ ይሄማ የእኔ ሥራ ነው። እሱን ክፍል እኔ ልምራው። በእውነተኛ ማሽን ላይስ አንሞክረውም?

ሄለን፦ ወረፋ አለው፣ ኢንተርኔቱንም አላምነውም። ከዚያ በላይ ማሽኑ ይሳሳታል፤ 1 ብቻ መውጣት ባለበት ጥቂት 0 ጣል ጣል ያደርጋል። ቀድመን አሂደን ውጤቱን ይዘን እንምጣ። በሲሙሌተር ከሚያገኙት ጋር ያስተያዩት።

ሰላማዊት፦ እንግዲህ የሚገባው ጽሑፍ ይህን ይመስላል፦ «ተሳታፊዎች አራቱን ባለ አንድ ቢት ፋንክሽኖች በሲሙሌተር ይሞክራሉ፤ ቋሚ ወይም ሚዛናዊ መሆናቸውን በአንድ ጥያቄ ይለያሉ። የ`cx`ን ሥራ በወረቀት ያሰላሉ። ሁለት የተበላሹ ሰርኪዩቶችን መርምረው ጉድለቱን ያገኛሉ። አልጎሪዝሙ የf(0)ንና የf(1)ን ዋጋ እንደማይገልጽ ያሳያሉ።» ጋሽ ታደሰ፣ ይስማማዎታል?

ጋሽ ታደሰ፦ ለአንድ ቢት ይስማማኛል። የ10 ቢቱን ግን ሃያ ደቂቃ ስጡኝ፤ 513ንም የሄለንን 20 ጥያቄም ጎን ለጎን አሳያለሁ።

ሄለን፦ ሃያ ደቂቃ ከዮናታን ክፍል ነው የሚቀነሰው።

ዮናታን፦ ኧረ አይሆንም። ሐሙስ ጠዋት በድምፅ እንወስን።