የሰባት ሳምንት ልጄን በፎረፎር ሻምፑ ልጠበው?

ሜሮን፦ ልጄ ሰባት ሳምንቱ ነው። አናቱ ላይ ቢጫ፣ ወዛም ቅርፊት ከያዘው ሁለት ሳምንት ሆነ። የሚያሳክከው አይመስልም፣ ጡቱንም በደንብ ይጠባል። ባለቤቴ በሚታጠብበት የፎረፎር ሻምፑ ትንሽ ባጥበው ይጎዳዋል? እናቴ ደግሞ ቅቤ ቀቢው እያለችኝ ነው።

እማማ ዘነቡ፦ ልጄ፣ እናትሽን ስሚ። የኔን ልጆች ማታ ቅቤ ቀብቼ አሳድራቸው ነበር፤ ጠዋት ቅርፊቱ ራሱ ይለቃል። ብቻ በጥፍርሽ እንዳትፍቂው፣ ይቆስላል።

ዳዊት፦ እኔም ፎረፎር ፈጅቶኛል። ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፑ በሳምንት ሁለቴ፣ አምስት አምስት ደቂቃ አቆየዋለሁ። ሞክሩት።

ነርስ ሰላም፦ ዳዊት፣ ላንተ ልክ ነው፤ ጥያቄው ግን የጨቅላ ነው። ሐኪም አይቶ ለሕፃን የሚያዝበት ጊዜ አለ፣ በራስ ግን አይጀመርም።

ሜሮን፣ የባለቤትሽን ጠርሙስ አዙረሽ አንብቢው። አንዳንዶቹ ሳሊሲሊክ አሲድ አለባቸው። የሕፃን ቆዳ ስስ ነው፣ ለክብደቱም ሲታይ ሰፊ ነው፤ ስለዚህ መድኃኒቱ በቆዳው አልፎ ደሙ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

የአዋቂ ፎረፎር ደጋግሞ ይመለሳል፣ መድኃኒቱም ይደጋገማል። የልጅሽ ግን በአብዛኛው በጥቂት ወራት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ካንቺ የወሰደው ሆርሞን የራስ ቅሉን ቆዳ ወዛም አድርጎት ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ እየቀነሰ ይሄዳል። ያንቺ ሥራ ቅርፊቱን ማለስለስ ብቻ ነው።

ከመታጠቡ 15 ደቂቃ በፊት ቫዝሊን ወይም የሕፃን ዘይት ስስ አድርገሽ ቀቢው። በለስላሳ የሕፃን ብሩሽ ቀስ ብለሽ አሺው። እርግብግቢቱንም አትዝለዪው፣ አትጫኚው እንጂ። ከዚያ በሕፃን ሻምፑ ዘይቱን በደንብ አጥበሽ አውጪው። ያልለቀቀውን ለሌላ ቀን ተይው።

እማማ፣ ቅባት ማለስለሱ እውነት ነው። ማሳደሩ ላይ ግን አልስማማም። ቆዳ ላይ የሚኖረው ፈንገስ ቅባት ይመገባል፤ የቤት ቅቤ ንጽሕናውም አይታወቅም።

የሁለት ልጆች እናት፦ የኔ ሁለተኛ ልጅ እንዲሁ ጀምሮት ወደ ጆሮው ጀርባና ወደ አንገቱ ወረደ። ቀላ፣ ውሃ አዘለ፣ ሸተተ። እኔ ዘይት እየጨመርኩ አንድ ሳምንት አባከንኩ።

ነርስ ሰላም፦ እንዲያ ሲሆን ቶሎ ጤና ጣቢያ ነው። ፀጉሩ በቦታ በቦታ ከተሰበረም፣ በተለይ ቤት ውስጥ ጭርት ያለበት ልጅ ካለ፣ ይህ ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል አሳዩት።

ሜሮን፦ ሻምፑውን አየሁት፣ ያልሽው አለበት። አራት ቀን ሞከርኩ፤ ግማሹ ተነሳ፣ ከሥሩ ያለው ቆዳ ደህና ነው። ቅንድቡም ላይ ትንሽ አለ። እዚያም ልቀባ?

ነርስ ሰላም፦ በጥጥ ነካ አድርገሽ፣ ዓይኑ እንዳይገባ።

እማማ ዘነቡ፦ እኔ ግን በቅቤዬ እጸናለሁ።