ተመልሶ የተገዛ አክሲዮን እንደገና ሲሸጥ ሪቴይንድ ኧርኒንጌ ለምን በ2,000 ብር በለጠ?

ጠያቂ፦ ሰላም ከአራት ኪሎ

ሰላም ለሁላችሁ። ከስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት የገዛሁት የጥያቄ ጥራዝ ላይ ያለ የትሬዠሪ ስቶክ ጥያቄ አልወጣልኝም። የጥራዙ መጨረሻ ላይ መልሱ ብቻ ነው ያለው፣ አሠራሩ የለም።

ማኅበሩ 10,000 አክሲዮን አለው። የአንዱ ፓር ቫልዩ 100 ብር ሲሆን መጀመሪያ የተሸጠው በ120 ነው። ስለዚህ ካፒታል 1,000,000፣ ፕሪሚየም 200,000፣ ሪቴይንድ ኧርኒንግ 450,000 ብር። ከዚያ 1,000 አክሲዮን በ150 ብር መልሶ ገዛ። ቀጥሎ 300ውን በ170፣ 400ውን በ125፣ 200ውን በ160 በዚሁ ቅደም ተከተል ሸጠ። 100 አክሲዮን እጁ ላይ ቀርቷል። ጥያቄው በኮስት ሜትድ ሥሩ ይላል።

እኔ ትርፉን በጌይን፣ ኪሳራውን በሎስ መዝግቤ ወደ ሪቴይንድ ኧርኒንግ ዘጋሁት፤ 448,000 መጣ። የጥራዙ መልስ 446,000 ነው። እስከ ሁለተኛው ሽያጭ እኔም 446,000 ላይ ስለነበርኩ ስህተቴ ሦስተኛው ላይ ይመስለኛል። ትራያል ባላንሱ ደግሞ እኩል ነው። ፈተናው ቅዳሜ ነው፣ እባካችሁ።

ሌጀር

ስህተትሽ የጀመረው ሦስተኛው ላይ ሳይሆን የመጀመሪያው ሽያጭ ላይ ነው። ሁለተኛው ላይ ከመልሱ ጋር የገጠምሽው ቁጥሮቹ በአጋጣሚ ተካክሰው ነው።

ማኅበር የራሱን አክሲዮን ሲሸጥ ሻጩ ማኅበሩ፣ ገዢው ደግሞ የማኅበሩ ባለቤት ነው። ባለቤት ከከፈለው ገንዘብ ትርፍ አይገኝም። በ150 የተገዛው አክሲዮን በ170 ሲሸጥ አዲሱ ባለአክሲዮን የጨመራት 20 ብር መዋጮ ናት። ስለዚህ ጌይን የሚባል ሂሳብ ከነአካቴው አይከፈትም፤ የገቢ መግለጫው ላይም ምንም አይታይም። ልዩነቱ የሚገባው ከትሬዠሪ ስቶክ የተገኘ ተጨማሪ ካፒታል ወደሚባለው የራሱ ሂሳብ ነው። ከዚህ በታች «ተጨማሪ ካፒታል» እያልኩ አሳጥረዋለሁ።

ግዢው ቀላል ነው፤ ትሬዠሪ ስቶክ ዴቢት 150,000፣ ካሽ ክሬዲት 150,000። ፓር ቫልዩውንም የመጀመሪያውን ፕሪሚየምም አትነኪም።

የመጀመሪያው ሽያጭ፦
ካሽ ዴቢት 51,000
ትሬዠሪ ስቶክ ክሬዲት 45,000
ተጨማሪ ካፒታል ክሬዲት 6,000

ትሬዠሪ ስቶኩ የሚቀነሰው ሁልጊዜ በተገዛበት ዋጋ ነው፤ 300 ሲባዛ በ150። ሪቴይንድ ኧርኒንግ 450,000 ላይ እንዳለ ይቆያል። አንቺ እዚህ ላይ 456,000 ነበርሽ።

ሁለተኛው ሽያጭ በኪሳራ ነው፤ 60,000 ብር ያስወጣው በ50,000 ተሸጠ። የጎደለው 10,000 መጀመሪያ የሚሸፈነው ቀድሞ ከተጠራቀመው ተጨማሪ ካፒታል ነው። ያ ሂሳብ ያለው 6,000 ብቻ ነው፣ ከዜሮ በታችም አይወርድም። የቀረው 4,000 ከሪቴይንድ ኧርኒንግ ይወጣል፦
ካሽ ዴቢት 50,000
ተጨማሪ ካፒታል ዴቢት 6,000
ሪቴይንድ ኧርኒንግ ዴቢት 4,000
ትሬዠሪ ስቶክ ክሬዲት 60,000

አሁን 446,000 ሆነ። አንቺ 6,000 ጨምረሽ 10,000 ስለቀነስሽ እዚያው ደረስሽ።

ሦስተኛው ላይ የወጪ ዋጋው 30,000፣ የገባው 32,000 ነው። 2,000ው አሁንም ወደ ተጨማሪ ካፒታል ይገባል። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ «ቀደም ሲል ከሪቴይንድ ኧርኒንግ 4,000 ወስደናል፣ አሁን 2,000ውን እንመልስለት» ይላል። አይመለስም። በዚህ አሠራር ሪቴይንድ ኧርኒንግ በትሬዠሪ ስቶክ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ቢጨምር ኖሮ ማኅበሩ የራሱን አክሲዮን እየገዛ እየሸጠ ለዲቪደንድ የሚከፋፈል ትርፍ ሊፈጥር ይችል ነበር።

ትራያል ባላንሱ ይህንን አይነግርሽም። በአንቺም በጥራዙም መንገድ ጠቅላላ ኢኩዊቲው 1,633,000 ነው። የተሳሳተው ገንዘቡ የተቀመጠበት መስመር ብቻ ነው።

ቢኒ ፒያሳ

ሌጀር ያለው በአብዛኛው ትክክል ነው፤ ግን 4,000ውን ከሪቴይንድ ኧርኒንግ ለማውጣት ምን አስቸኮለ? 200,000 ብር ፕሪሚየም ተቀምጦ የለም እንዴ? እሱም ከባለአክሲዮኖች የመጣ ካፒታል ነው። መጀመሪያ ከዚያ ይቀነሳል፣ ፕሪሚየሙ ሲያልቅ ብቻ ነው ሪቴይንድ ኧርኒንግ የሚነካው። በእኔ ስሌት መልሱ 450,000 ነው፣ ጥራዙ ተሳስቷል።

ሌጀር

ቢኒ፣ የመጀመሪያው ፕሪሚየም የሚነካበት ጊዜ አለ፤ ግን አክሲዮኑ ሲሰረዝ እንጂ ተመልሶ ሲሸጥ አይደለም። ሁለቱ ተቀላቅለውብሃል። እንደገና ሲሸጥ አክሲዮኑ በሕይወት አለ፣ መጀመሪያ ሲወጣ የተከፈለበት 20 ብር ፕሪሚየምም አብሮት አለ። በአሜሪካው ደንብ ለኪሳራው መሸፈኛ የሚሆነው ከዚያው ዓይነት አክሲዮን ቀደም ባሉ ሽያጮች ወይም ስረዛዎች የተገኘ ትርፍ ብቻ ነው።

የቀሩት 100 አክሲዮኖች ቢሰረዙ ግን ካፒታል በ10,000 ይቀንሳል፣ የእነሱ ድርሻ የሆነው 2,000 ፕሪሚየምም ሊነሳ ይችላል። ከ15,000ው የሚቀረው 3,000 ከየት ይውጣ የሚለው ላይ ከአንድ በላይ የተፈቀደ መንገድ ስላለ፣ ሰላም፣ ጥያቄው ስረዛ ካላለ አትግቢበት።

ቢኒ ፒያሳ

እሺ፣ ስረዛው ነው የተምታታብኝ። 450,000 ያልኩትን ትቻለሁ።

ባለአክሲዮን ከካዛንቺስ

ይቅርታ፣ በዚሁ ልግባና የእኛም ተመሳሳይ ጉዳይ ነው። አንድ ባለአክሲዮን አገር ለቆ ሲሄድ 50 አክሲዮኑን ለእህቱ ልጅ ከገዛበት በታች ሸጠ። ሂሳብ ሠራተኛችን ልዩነቱን ከማኅበሩ ሪቴይንድ ኧርኒንግ ቀንሶታል። እንደ ሌጀር አባባል ከተጨማሪ ካፒታል መቀነስ ነበረበት ማለት ነው?

እትዬ መዝገብ

የለም ወንድሜ፣ የእናንተ ትሬዠሪ ስቶክ አይደለም። ከማኅበሩ ካዝና የወጣም የገባም ብር የለም። አክሲዮኑ ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላ ተሻገረ፤ የባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ ስም ይቀየራል እንጂ ጆርናል አይመዘገብም። ኪሳራው የሻጩ የግሉ ነው። ሂሳብ ሠራተኛችሁ የቀነሰውን መልሶ ያስተካክል፣ ያለአግባብ የማኅበሩን ትርፍ አሳንሶታል።

ለሰላም ደግሞ አንድ ማረጋገጫ ልስጥሽ። ከእያንዳንዱ ሽያጭ በኋላ የትሬዠሪ ስቶክን ባላንስ እጅ ላይ ላለው የአክሲዮን ቁጥር አካፍይው። በአንድ ዋጋ ብቻ ከተገዛ ውጤቱ ሁልጊዜ ያው የግዢ ዋጋ መሆን አለበት። የአንቺ 15,000 ለ100 ሲካፈል 150 ነው፣ ደህና ነሽ። አንዳንዱ ተማሪ ትሬዠሪ ስቶክን በሸጠበት ዋጋ ክሬዲት ያደርገዋል፤ 51,000፣ 50,000 እና 32,000 ከ150,000 ሲቀነስ 17,000 ይቀራል። ለ100 ስታካፍይው 170 ይመጣል። በ170 የተገዛ አክሲዮን የለም፤ ስህተቱ ወዲያው ተያዘ። እንዲህ የሠራ ሰው ሪቴይንድ ኧርኒንጉ 450,000 ላይ ይቀራል፣ ባላንስ ሺቱም እኩል ስለሚሆንለት ልክ የሠራ ይመስለዋል።

ቅደም ተከተሉንም አደራ። የ125ቱ ሽያጭ ቀድሞ ቢሆን ኖሮ የሚሸፍነው ተጨማሪ ካፒታል ስለሌለ 10,000ው በሙሉ ከሪቴይንድ ኧርኒንግ ወጥቶ 440,000 ይሆን ነበር። ከዚያ የመጣው 6,000 እና 2,000 ተጨማሪ ካፒታል ውስጥ ይቀመጣል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ አያካክስም። ፈታኞች ቀኖቹን አዘበራርቀው የሚጽፉት ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ በቀን ደርድሪያቸው።

የሜክሲኮው ኦዲተር

እዚህ አገር የምንሠራው በአይኤፍአርኤስ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። አይኤኤስ 32 የራስን አክሲዮን መግዛት፣ መሸጥ ወይም መሰረዝ ትርፍና ኪሳራ ውስጥ ምንም እንዳያስገባ ይከለክላል፤ የተገዛውም ከኢኩዊቲ ተቀናሽ ሆኖ ይታያል። በዚህ ከሌጀር ጋር አንድ ነን። ነገር ግን ልዩነቱ ኢኩዊቲ ውስጥ በየትኛው መስመር ይቀመጥ የሚለውን አይወስንም። ስለዚህ «መጀመሪያ ከተጨማሪ ካፒታል፣ ከዚያ ከሪቴይንድ ኧርኒንግ» የሚለው ደረጃ ከአሜሪካው አሠራር የመጣ ነው። በአይኤፍአርኤስ ማኅበሩ የአገሩን ሕግ ጠብቆ ፖሊሲ ይመርጣል፣ ያንኑም በየዓመቱ ይከተላል። በሥራ ላይ ሲሆን ደግሞ ከጆርናሉ በፊት ማኅበሩ አክሲዮኑን ለመግዛት በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ይፈቀድለት እንደሆነ መታየት አለበት።

ሌጀር

ትክክል ነው። የሰላም ጥያቄ ግን የትኛውን ደንብ እንደሚከተል አይናገርም፤ መልሱ 446,000 መሆኑ የአሜሪካውን ደረጃ እንደተከተለ ያሳያል።

የሜክሲኮው ኦዲተር

በእኔ እምነት ደንቡ ካልተጠቀሰ ተማሪ በሌላ መስመር ቢያስቀምጠው፣ ትርፍና ኪሳራን እስካልነካ ድረስ፣ ሙሉ ማርክ ይገባዋል።

ሌጀር

እዚህ ላይ አልስማማም። ኮስት ሜትድ ብሎ የጠየቀ መምህር የሚጠብቀው ደረጃውን ነው። ሰላም፣ ከቅዳሜ በፊት መምህርሽን በግልጽ ጠይቂው።

ሰላም ከአራት ኪሎ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ነገ መምህሩን እጠይቀዋለሁ። በሌጀር መንገድ ገብቶኝ እንደሆነ ለማየት የቀሩት 100 አክሲዮኖች በ120 ተሸጡ ብዬ ሠራሁ፦
ካሽ ዴቢት 12,000
ተጨማሪ ካፒታል ዴቢት 2,000
ሪቴይንድ ኧርኒንግ ዴቢት 1,000
ትሬዠሪ ስቶክ ክሬዲት 15,000

ሪቴይንድ ኧርኒንግ 445,000፣ ተጨማሪ ካፒታልና ትሬዠሪ ስቶክ ሁለቱም ዜሮ። ልክ ነኝ እትዬ?

እትዬ መዝገብ

ልክ ነሽ የኔ ልጅ። በካሽ በኩልም አረጋግጪው፦ ለግዢ 150,000 ወጣ፣ ከአራቱ ሽያጮች 145,000 ገባ። የጎደለው 5,000 ከሪቴይንድ ኧርኒንግ ከቀነሰው ጋር እኩል ነው።