የዕቅድ ውይይት፦ የበዓል ሰላምታ ቪዲዮ ጽሑፍ፣ «መቼ ነው የምትመጡት?» ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ህሊና (ጸሐፊ)
ሰላም ለሁላችሁ። ውጭ ላሉ ቤተሰቦቻችን ለምንልከው የበዓል ቪዲዮ ለኮሚቴው የጋራ ሐሳብ ማቅረብ አለብን። የጊዜውን ነገር ሌላ ቀን እናወራለን፤ ዛሬ ጽሑፉ ላይ ብቻ እንቆይ። ድምፁን ጋሽ ወንድሙ ያነቡልናል። የባለፈው ዓመት ጽሑፍ መግቢያው ይህ ነበር፦

«እንኳን ለበዓሉ አደረሳችሁ! ቤቱ ያለ እናንተ ባዶ ነው። ወንበራችሁ ክፍት ሆኖ ይጠብቃችኋል። በዓል በመጣ ቁጥር እናንተን እያሰብን ዓይናችን እንባ ያቀርራል። ለመሆኑ መቼ ነው የምትመጡት?»

ምን ይቀየር?

ብሩክ
እኔ ብዙ አልነካውም። የሚያስለቅስ ነው፤ ሰው የሚያጋራውም ያስለቀሰውን ነው። ባይሆን ከሥሩ ለስለስ ያለ ክራር ይግባበት።

ዳዊት
ብሩኬ፣ ማልቀሱን አልጠላሁትም። ቪዲዮው የደረሰኝ ግን የሌሊት ፈረቃ ላይ ነው። 15 ደቂቃ ዕረፍት ነበረኝ፤ ኮሪደር ላይ ቆሜ ድምፁን አጥፍቼ ከፈትኩት። ባዶው ወንበር መጣ፣ ቀጥሎ «መቼ ነው የምትመጡት?» የሚለው በትልልቅ ፊደል። ወረቀቴ ካለቀ ስንት ዓመቴ! መቼ እንደምመጣ ባውቅ ኖሮ እኔው ቀድሜ እነግራችሁ ነበር። ስልኩን ኪሴ ከትቼ እስኪነጋ ሠራሁ። ቀሪውን ያየሁት ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

እትዬ ዘነበች
ልጆቼ፣ እኔ ለልጄ የምለውን ራሴ ነው የማነበው ወይስ ወንድሙ ነው የሚያነብልኝ? ዓምና የጎረቤት ልጅ በስልክ ቀርፆኝ ነበር። «መቼ ነው የምትመጪው፣ ሳላይሽ ልሙት ነው?» አልኩ። ያው እንደ እናት ነው ያልኩት። በኋላ ስትደውል «እማዬ፣ እስከ ግማሽ ነው ያየሁት» አለችኝ። ምኑ እንደከፋት አልገባኝም ነበር። አሁን ዳዊት ሲያወራ ገባኝ መሰለኝ።

ህሊና
እትዬ፣ ይኼኛው ለሁሉም የሚላከው የጋራው ነው፤ የእርስዎ የብቻው ነው፣ እሱን እርስዎ ነዎት የሚሉት። የነገሩን ግን ለጋራውም ይጠቅማል።

ሙና (አርታዒ)
በትምህርት ቤት ያነበብኩት አንድ ነገር እዚህ ይገባል። ፓውሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጻፈችበት ኀዘን አለ፤ ሰውየው በሕይወት አለ፣ በልብም አለ፣ በአካል ግን የለም። ስደትንም ከዚሁ ትቆጥረዋለች። እንዲህ ያለው ኀዘን መቋጫ ስለሌለው ሰውን በግድ «ቁረጠው» ማለት እንደማይረዳ ትናገራለች፤ ሁለቱን አብሮ መያዝ ነው የሚሻለው፣ «የለም፤ ግን አለ»። የእኛ ጽሑፍ የያዘው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። ባዶ ወንበር «የለህም» ይላል፣ ያቆማል። «ርቀት ለእኛ ምንም አይደለም» የሚል ጽሑፍ ብንጽፍም ውሸት ነው፤ ዳዊት ይስቅብናል።

ጋሽ ወንድሙ
ልክ ነሽ ሙና። እኔ በአንባቢ ወገን የታዘብኩትን ልጨምር። ያለፈው ጽሑፍ 190 ቃል ነበር። ትንፋሽ እየወሰድኩ ሳነበው 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ፈጀብኝ። በዳዊት የዕረፍት ሰዓት የሚታይ ነገር አንድ ደቂቃ ተኩል ቢሆን ነው፤ ስለዚህ ወደ 130 ቃል እናውርደው። መጀመሪያ የሚወጣው ምርቃት ላይ የተደረደረው ቅጽል ነው። ሲነበብ ደስ ይላል፣ ሲሰማ ግን ያልፋል።

ዋናው ችግሬ ግን «እናንተ» ነው። ብቻውን አንድ ክፍል ውስጥ ለተቀመጠ ሰው «እንኳን አደረሳችሁ» ስለው ከጀርባው ሌላ ሰው ያለ ይመስል ዞር ብሎ ያያል። ድሮ ስቱዲዮ ውስጥ ያስተማሩን «ለአንድ ሰው አንብብ» ብለው ነው። አማርኛችን ደግሞ አንድ ሰው ስትል ወዲያው ይጠይቅሃል፤ ወንድ ነው ሴት? ትልቅ ነው ትንሽ? አደረሰህ፣ አደረሰሽ፣ አደረሰዎ። አንዱን ስመርጥ ሌላው ይቀርብኛል።

ብሩክ
ታዲያ ሁሉንም «እርስዎ» እንበላ፣ ጋሼ። ክብር ነው፣ ማንም አይቀየምም።

ጋሽ ወንድሙ
ክብሩስ ክብር ነው። የ22 ዓመት ልጅ ከእኔ አፍ «ናፍቀውኛል» ሲሰማ ግን ከባንክ የተደወለለት ነው የሚመስለው።

መውጫው «እኔ» ነው። በእኛ ቋንቋ «እኔ» ጾታ የለውም። «ነቃሁ»፣ «አሰብኩ»፣ «ሳቅሁ» ብዬ ባወራ ሰሚው ወንድም ይሁን ሴት፣ አንድም ይሁን አሥር፣ ለእሱ ነው። እዚህ ያለውን ቀን እኔ ላውራ፣ እሱ ያዳምጥ። በቀጥታ የምናናግርባቸውን ቦታዎች እንቁጠርና እንቀንስ።

ሙና
ቆጠርኩ። ዓምና 17 ዐረፍተ ነገር ሰሚውን በቀጥታ ይጠራ ነበር። ወደ 4 ካወረድናቸው እነዚያን 4 ብቻ በአራት መልክ እንቀርፃለን፦ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ። 16 አጭር ቅጂ ነው፣ የአንድ ከሰዓት ሥራ። የቀረው አንዴ ተነብቦ ለሁሉም ይሆናል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አራቱ ዐረፍተ ነገሮች ሲነበቡ የጋሽ ወንድሙ ፊት ስክሪን ላይ መሆን የለበትም፤ ከንፈራቸው «አደረሰህ» እያለ ድምፁ «አደረሰሽ» ቢል ወዲያው ይታያል። በእነሱ ላይ እጅ፣ መስኮት፣ ደጅ የሚጫወቱ ልጆች ይግቡ። ደግሞ ጋሼ፣ አራቱንም በአንድ መቀመጫ፣ ማይኩ ሳይነቃነቅ ይቅረፁት። በሌላ ቀን የተቀረፀ ድምፅ ቢቀጠል ክፍሉ የተቀየረ ይመስላል።

ህሊና
በዚህ መንገድ ሞከርኩት። መካከሉን ብቻ ላሳያችሁ፣ ሰያፉ የሚቀያየረው ነው፦

«ወንድሙ ነኝ። ዛሬ ገና ሳይነጋ ነቃሁ። መስኮቱን ስከፍት የጎረቤት ሬዲዮ ከእኔ ቀድሞ ነቅቷል። ልጆቹ አዲሱን ልብሳቸውን ከአሁኑ አቆሽሸውታል፣ የሚቆጣቸውም የለም። ትናንት ማታ የቆዩ ፎቶዎች ስናገላብጥ አመሸን። *ስምህ ተነሣ።* አንዱ አንድ ነገር አስታወሰ፣ ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ትንሽ ዝም አልን። ከዚያ ፎቶው ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።»

ዳዊት
«ትንሽ ዝም አልን» ላይ እኔም ዝም አልኩ። ግን የደስ አይነት ነው፤ ለካ ስሜ ሲነሣ ይሳቃል። እሷን እንዳትነኳት።

ብሩክ
እሺ፣ ተሸነፍኩ። ወንበሩስ? ለወንበሩ ቀረፃ ጨርሰናል እኮ።

ሙና
ወንበሩ ላይ ሰው ይቀመጥበት። ልጅ ሮጦ መጥቶ ይቀመጥበት፣ በቃ።

የጽሑፍ መግለጫውን ነገር ሳልረሳ። ዳዊት ድምፅ አጥፍቶ ነው ያየው፣ ብዙ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ ከሥር ጽሑፍ ግዴታ ነው። የእኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ግን አቆራረጡ ጣጣ አለው። ዓምና አንድ መስመር «ስለማትደውሉ» ብሎ ሦስት ሰከንድ ቆመ፣ «ቅር አይለንም» የሚለው በሚቀጥለው መጣ። ሰውየው ሦስት ሰከንድ ሙሉ ሲወቀስ ነበር! ማሠሪያ ግሡ ሁልጊዜ ከሐሳቡ ጋር አብሮ ይታይ። የ«እናንተ»ው ፋይል ላይ እንዲህ አስተካከልኩት፦

```
7
00:00:41,000 --> 00:00:44,500
ባትደውሉም ቅር አይለንም፤
ሥራ ላይ መሆናችሁን እናውቃለን።
```

ይህ መስመር ከሚቀያየሩት አራቱ አንዱ ነው፤ ስለዚህ የ`.srt` ፋይሉም አራት ይሆናል። ስታስቀምጡት `UTF-8` ምረጡ፤ አለበለዚያ ፊደሉ በአንዳንድ ማጫወቻ ላይ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣል።

እትዬ ዘነበች
በዚህ ዓመት ሰው ለሞተበትስ? የእኔ ልጅ አባቷ ሲቀበር መምጣት አልቻለችም። ይህን ሳቅ ያለበትን ትልኩላታላችሁ?

ዳዊት
እውነት ነው። ዝርዝር ይያዝና ላዘኑት «ኀዘናችሁ ኀዘናችን ነው» የሚል ሌላ ቅጂ ይሠራ።

ጋሽ ወንድሙ
ዳዊት፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ኀዘን በቅጂ አይላክም። ቤት ሆነው ለቅሶ ያልተቀመጡ ሰዎች ናቸው፤ ከማኅበር የመጣ ቪዲዮ ሲከፍቱ የአባታቸውን ስም ካልሰሙ ይብስባቸዋል፤ ስሙን ካስገባን ደግሞ ለእያንዳንዱ መቅረፅ አለብን። ለእነሱ ቪዲዮ አንላክ፣ አንድ የሚያውቃቸው ሰው ይደውል።

ሙና
ጭራሽ ካልላክንላቸውስ ከዝርዝር የወጡ አይመስላቸውም? ወንድሜ ዓምና ለቅሶ ላይ ስለነበር «ለሱ አትላኩ» ተብሎ ቀረ። በኋላ ሲሰማ እኔንም አኮረፈኝ።

ህሊና
ይህ ዛሬ አይዘጋም። ለኮሚቴው የምጽፈው እንዲህ ነው፦ ጽሑፉ ከ130 ቃል አይበልጥም፣ ንባቡ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ተራኪው ስለ ራሱ ቀን ያወራል፤ ሰሚውን በቀጥታ የሚጠሩ ዐረፍተ ነገሮች ከ4 አይበልጡም፣ በአራት መልክ ይቀረፃሉ። መቼ እንደሚመጡ አይጠየቅም፣ ባዶ ቦታ አይታይም። ማሠሪያ ግሥ ከሐሳቡ አይነጠልም። ከመላኩ በፊት ውጭ ያሉ ሦስት ሰዎች ድምፅ አጥፍተው ያዩታል፤ አንዱ ዳዊት ነው። ላዘኑት ቤተሰቦች ሁለት አማራጭ አለ፣ ስልክ ወይም ስልክና ቪዲዮ፤ ኮሚቴው ይወስን።

ብሩክ
ክራሩስ?

ጋሽ ወንድሙ
«ትንሽ ዝም አልን» የሚለው ላይ ከገባ አላነብም።

እትዬ ዘነበች
ህሊና፣ የእኔን ነገ ቅረጪኝ። «መቼ ነው የምትመጪው» አልልም። ከአልጋዬ አጠገብ ያለው ፎቶዋ ላይ ያለችው ልጅ ፊቷ በሊጥ ተለውሷል፣ እሱን ነው የማወራላት። «እርስዎ» ምናምን እንዳትሉብኝ ብቻ፤ እሷም እኔም «አንቺ» ነው የምንባባለው።